የሬክታንግል ድምር በአራት ንባብ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የከፍታ ፋይል ጋር የተሠራ ሥራ ማስታወሻ

መነሻ

N11E039.hgt የተባለው ፋይል ደሴንም ኮምቦልቻንም አንድ ላይ ይዟል። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከለካችው የምድር ከፍታ የመጣ ነው። የፋይሉ ስም የደቡብ ምዕራብ ጥጉን ይናገራል፦ 11 ዲግሪ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ምሥራቅ። ውስጡ 3601 ረድፍ በ3601 ዓምድ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ከፍታ በሜትር ይዟል፤ ከአንዱ ሕዋስ እስከ ቀጣዩ ወደ 30 ሜትር ይርቃል።

የተፈለገው ነገር አጭር ነው። ካርታው ላይ የትኛውም ሬክታንግል ሲመረጥ አማካይ ከፍታው ወዲያው ይውጣ። ለአንድ ሬክታንግል ብቻ ከሆነ ሉፕ ይበቃል፤ ኮምቦልቻን የሚሸፍነው 180 ረድፍ በ252 ዓምድ 45,360 ሕዋስ ነው፣ ላፕቶፑ ሳይታወቅ ይደምረዋል። ችግሩ ያንኑ መጠን በፋይሉ ላይ በሁሉም ቦታ እያንሸራተቱ መጠየቅ ሲፈለግ ነው። ቦታዎቹ 3422 ሲባዛ በ3350፣ ማለትም 11,463,700 ናቸው። እያንዳንዱን ከባዶ መደመር ወደ 520 ቢሊዮን ድምር ይጠይቃል። በቅድመ ድምር ሠንጠረዥ ግን ለእያንዳንዱ ቦታ አራት ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው፣ ሬክታንግሉ ትንሽም ይሁን ትልቅ።

ዕቃው፦ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ፓይተን ከነምፓይ ጋር፣ አንድ ባለካሬ ደብተር። ፋይሉ በነፃ ይገኛል፤ ተፈትቶ 25,934,402 ባይት ይመዝናል። መጠኑ ከዚህ በአንድ ባይት ከተለየ ሲወርድ ተቆርጧል ማለት ነው፣ እዚያው ይጣል።

ሳምንት 1፦ በደብተር ላይ

13 ሚሊዮን ሕዋስ ላይ የተሠራ ስህተት ዓይን አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ የሥራው ማሳያ 4 ረድፍ በ5 ዓምድ ሆነ፦

```
3 1 4 2 5
2 6 1 3 2
4 2 5 1 3
1 3 2 4 6
```

ሠንጠረዡ P ከዚህ በአንድ ረድፍና በአንድ ዓምድ ይበልጣል፤ ላይኛው ረድፍና ግራው ዓምድ ዜሮ ናቸው። P[i][j] ማለት ከላይ i ረድፍ፣ ከግራ j ዓምድ ተቆጥሮ በዚያ ውስጥ ያለው ሁሉ ድምር ነው። "እስከ i ቁጥር ረድፍ" ሳይሆን "i ረድፍ ያህል" ብሎ ማንበብ ይሻላል፤ በኋላ የመጣው ጣጣ ግማሹ ከዚህ አነባበብ ነው።

```
0  0  0  0  0  0
0  3  4  8 10 15
0  5 12 17 22 29
0  9 18 28 34 44
0 10 22 34 44 60
```

የመጨረሻው ጥግ 60 ነው፣ የሃያውም ሕዋስ ድምር። ረድፎቹ ለየብቻ 15፣ 14፣ 15 እና 16 ስለሆኑ ይገጥማል።

አሁን ጥያቄ፦ ከረድፍ 1 እስከ 2፣ ከዓምድ 2 እስከ 3 (ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል)። ሕዋሶቹ 1፣ 3፣ 5፣ 1፤ ድምራቸው 10። በሠንጠረዡ ሲሠራ መጀመሪያ ከላይ ግራ ጥግ እስከ ሬክታንግሉ ታችኛ ቀኝ ጥግ ያለው በሙሉ ይወሰዳል፦ 34። ከሬክታንግሉ በላይ ያለው ንጣፍ 10 ይቀነሳል። ከግራው ያለው ንጣፍ 18 ይቀነሳል። እነዚህ ሁለት ንጣፎች ግን ላይ ግራ ጥግ ላይ ይደራረባሉ፤ እዚያ ያሉት 3 እና 1 ከሁለቱም ጋር ሁለት ጊዜ ወጥተዋል። ስለዚህ 4 ይመለሳል፦ 34 − 10 − 18 + 4 = 10።

```python
def q(P, r1, c1, r2, c2):
    return P[r2,c2] - P[r1,c2] - P[r2,c1] + P[r1,c1]
```

እዚህ r2 እና c2 የማይካተቱ ወሰኖች ናቸው። ከላይ ያለው ጥያቄ q(P, 1, 2, 3, 4) ተብሎ ይጻፋል እንጂ q(P, 1, 2, 2, 3) አይደለም።

ሳምንት 2፦ ያልተመለሰው ጥግ

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉም የሚሠራው ነው፦ የመጨረሻው + P[r1,c1] ተረሳ። ውጤቱ 6 ወጣ፣ በ10 ፈንታ። የጎደለው 4 በትክክል ሁለት ጊዜ የተቀነሰው ጥግ ነው።

ይህ ስህተት የሚያስቸግረው ግማሽ ጊዜ ስለማይታይ ነው። ሬክታንግሉ የፍርግርጉን ላይኛ ጫፍ ወይም ግራ ጫፍ ከነካ ጥጉ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ቢመለስም ባይመለስም ለውጥ የለውም። በዚህች ትንሽ ፍርግርግ ላይ ሊመረጡ የሚችሉት ሬክታንግሎች 150 ናቸው። ከእነሱ 90ዎቹ ላይኛውን ወይም ግራውን ጫፍ ስለሚነኩ ስህተት ያለበት ኮድ ትክክለኛ መልስ ይሰጥባቸዋል። የሚወድቀው በ60ዎቹ ብቻ ነው። ሰው በእጁ ሲሞክር ደግሞ የሚጀምረው ከላይ ግራ ነው፣ q(P, 0, 0, 2, 2) ብሎ፤ ያ ደግሞ ያልፋል።

መለያው ይህ ነው፦ ሬክታንግሉ ከላይ ግራ ጥግ እየራቀ ሲሄድ ጉድለቱ እየበዛ ይሄዳል። ያንኑ መጠን ወደ ታች ቀኝ ሲያንሸራትቱ መልሱ እየወረደ ሄዶ ከዜሮ በታች ከገባ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

በዚያው ሳምንት ሌላው ስህተት የወሰን ነበር። ለማየት ትንሽ ሰፋ ያለ ሬክታንግል ተመረጠ፦ ከረድፍ 1 እስከ 3፣ ከዓምድ 2 እስከ 4። ትክክለኛው 60 − 15 − 22 + 4 = 27 ነው። ጠያቂው የሚካተቱ ወሰኖችን (3 እና 4) እንዳሉ ሲሰጥ የታችኛው ረድፍና የቀኙ ዓምድ ይወድቃሉ፤ 10 ይወጣል። ይህን "ለማስተካከል" አራቱም ቁጥሮች ላይ አንድ ሲጨመር ደግሞ የላይኛው ረድፍና የግራው ዓምድ ይወድቃሉ፤ 14 ይወጣል። አንድ የሚጨመረው በr2 እና በc2 ላይ ብቻ ነው።

ሁለቱም የወሰን ስህተቶች አንድ ሕዋስ ብቻ ሲጠየቅ ዜሮ ይመልሳሉ። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀለው ፈተና አንድ ሕዋስ ጠይቆ ራሱ ሕዋሱ መውጣቱን ማየት ነው። የወሰን ስህተት ከዚያ አያመልጥም።

ውሳኔ፦ በኮዱ ውስጥ ሁሉ ወሰኑ የማይካተት ይሁን፣ የሚካተት ቁጥር ከሰው ሲመጣ በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይለወጥ። መሀል ላይ +1 እና −1 መርጨት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ሳምንት 3፦ ዜሮውን ረድፍ መቆጠብ

የዜሮ ረድፍና ዓምድ ትርፍ መሰለንና ወጡ። ሠንጠረዡ Q ከፍርግርጉ እኩል ሆነ፣ ቀመሩም በr1−1 እና በc1−1 ተጻፈ። ቁጠባው ከ13 ሚሊዮን ሕዋስ ላይ 7,203 ብቻ ነው፣ ጨርሶ አያዋጣም። ግን የመጣው ስህተት ከሁሉ አስተማሪው ሆነ።

በብዙ ሌሎች ቋንቋዎች −1 ላይ ማንበብ ፕሮግራሙን ይጥለዋል፣ ወይም ከማስታወሻው ውጭ ያለ ቆሻሻ ያነባል። ፓይተን ግን −1ን "የመጨረሻው" ብሎ ይረዳል። ዝም ብሎ የታችኛውን ረድፍ ያነብና ይቀጥላል።

ምን እንደሚወጣ በደብተሩ ላይ ተሠራ። ከረድፍ 0 እስከ 1፣ ከዓምድ 2 እስከ 3፤ ትክክለኛው 4 + 2 + 1 + 3 = 10። Q ያወጣው 22 − 44 − 12 + 22 = −12። 12 ከየት መጣ? ከሬክታንግሉ በታች፣ በዚያው ዓምድ ያሉት 5፣ 1፣ 2፣ 4 ናቸው። ማለትም የተመለሰው የተጠየቀው ሳይሆን ከሥሩ የቀረው ነው፣ ምልክቱ ተገልብጦ። እስከ ታች ድረስ የሚሄድ ሬክታንግል ሲጠየቅ ከሥሩ የሚቀር ስለሌለ መልሱ ዜሮ ይሆናል።

አሉታዊ ድምር ቢያንስ ያስደነግጣል። የባሰው ሁለቱንም ጫፍ የሚነካው ነው። ከረድፍ 0 እስከ 1፣ ከዓምድ 0 እስከ 1 ትክክለኛው 12 ነው። Q ያወጣው 12 − 22 − 29 + 60 = 21። ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ምልክቱ ተመልሶ አዎንታዊ ሆኗል፤ 21 ደግሞ በሰያፍ ተቃራኒው ጥግ ያለው ብሎክ (5፣ 1፣ 3፣ 2፣ 4፣ 6) ድምር ነው። የላይ ግራው ተጠየቀ፣ የታች ቀኙ ተመለሰ፤ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለውም።

የሚገርመው የዚህ ስህተት ካርታ ነው። ከ150ዎቹ ሬክታንግሎች Q የሚወድቀው ላይኛውን ወይም ግራውን ጫፍ በሚነኩት 90ዎቹ ሁሉ ላይ ነው፤ በቀሩት 60ዎቹ ልክ ነው። ጥጉ የተረሳበት ኮድ ደግሞ በ90ዎቹ ልክ፣ በ60ዎቹ ስህተት ነበር። አንዱ የሚደበቅበት ቦታ ሌላው የሚጋለጥበት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ፈተና ያስፈልጋል፦ አንድ ላይኛውን ወይም ግራውን ጫፍ የሚነካ፣ አንድ ከአራቱም ጫፍ የራቀ። ከእነዚህ በአንዱ ብቻ የተፈተነ ኮድ አልተፈተነም።

ዜሮዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሳምንት 4፦ በአንድ ብቻ የተለየ መልስ

ፈተናው በሁሉም ሕዋስ 1 የሞላ ፍርግርግ ነበር። እዚያ ድምሩ ከስፋቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በእጅ ማስላት ስለማያስፈልግ ደስ ይላል። የተረሳውንም ጥግ፣ የወሰኑንም ስህተት ይይዛል። በዚህ ተማምነን አንድ ስህተት አለፈን።

መሀል ያሉት ሁለት ጥጎች ረድፍና ዓምዳቸው ተቀያይሮ ተጽፎ ነበር፦ P[c2,r1] በP[r1,c2] ፈንታ፣ P[c1,r2] በP[r2,c1] ፈንታ። በሁሉም 1 በሆነ ፍርግርግ ላይ P[i][j] ማለት i ሲባዛ በj ነው፤ j ሲባዛ በiም ያው ነው። ፈተናው ቅያሪውን ሊያይ የሚችልበት መንገድ የለውም።

በደብተሩ ፍርግርግ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲሞከር 34 − 10 − 17 + 4 = 11 ወጣ። ትክክለኛው 10 ነው። በአንድ ብቻ! P[1][4] እና P[4][1] በአጋጣሚ ሁለቱም 10 ናቸው፤ P[3][2] 18፣ P[2][3] 17 ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ከፍታ ላይ ቢመጣ የማጠጋጋት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ድምሩ ግን ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ማጠጋጋት የሚባል ነገር የለበትም፤ የአንድ ልዩነትም ስህተት ነው።

ፍርግርጉ 4 በ5 መሆኑ ሌላ ጥቅም ሰጠ፦ c2 5 ሲሆን ቅያሪው ስድስተኛ ረድፍ ስለሚፈልግ IndexError ይጮሃል። የደሴው ፋይል ግን 3601 በ3601 ነው፤ እኩል ጎን ስለሆነ መቼም አይጮህም። ለፈተና የሚሆን ፍርግርግ ረድፉና ዓምዱ የተለያየ፣ ቁጥሩም የተዘበራረቀ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ ፈተናው ይህ ሆነ፦

```python
from itertools import combinations as cb
def check(a, P):
    h, w = a.shape
    for r1, r2 in cb(range(h + 1), 2):
        for c1, c2 in cb(range(w + 1), 2):
            assert q(P,r1,c1,r2,c2) == a[r1:r2,c1:c2].sum()
```

150ውንም ያያል፣ ዓይን ሳይርገበገብ ይጨርሳል። በአጋጣሚ ከተመረጡ ጥቂት ሬክታንግሎች ይልቅ ትንሽ ፍርግርግ ላይ ሁሉንም መጨረስ ይሻላል፤ ስህተቱ ያለው ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ነውና።

ሳምንት 5፦ ደሴ ብለን ወልዲያ

እውነተኛው ፋይል ተከፈተ። የመጀመሪያው ንባብ 14 ሺህ ሜትር የሚደርስ ከፍታ አሳየ። ቁጥሮቹ በሁለት ባይት ነው የተጻፉት፣ ትልቁ ባይት ቀድሞ፤ የላፕቶፑ ፕሮሰሰር የሚጠብቀው ግልባጩን ነው። ባይቶቹ ሲቀያየሩ 1850 ሜትር 14855 ይሆናል። ">i2" ብሎ መጻፍ ይፈታዋል።

```python
import numpy as np
a = np.fromfile("N11E039.hgt", dtype=">i2").reshape(3601, 3601)
P = np.zeros((3602, 3602), dtype=np.int64)
P[1:, 1:] = a.cumsum(axis=0, dtype=np.int64).cumsum(axis=1)
```

ሠንጠረዡ 104 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሲሠራ ለጊዜው የዚያ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። 4 ጊጋባይት ላለው ማሽን ችግር የለውም፣ ብሮውዘሩ ከተዘጋ።

ቀጥሎ ኬክሮስን ወደ ረድፍ መለወጥ መጣ። ለደሴ ከ11.10 እስከ 11.16 ሰሜን፣ ከ39.60 እስከ 39.66 ምሥራቅ ተመረጠ። መጀመሪያ የተጻፈው ረድፍ = (ኬክሮስ − 11) × 3600 ነበር። ሰሜኑ ረድፍ 576፣ ደቡቡ 360 ሆነ፤ ላይኛው ወሰን ከታችኛው በለጠ። r1 እና r2 ሲገለበጡ ቀመሩ አይወድቅም፣ ያንኑ ድምር በአሉታዊ ምልክት ይሰጣል። ስፋቱም (r2 − r1) × (c2 − c1) ስለሆነ እሱም አሉታዊ ነው። አሉታዊ ለአሉታዊ ሲካፈል አማካዩ ደህና አዎንታዊ ቁጥር ሆኖ ወጣ፣ ለተራራማ አገር የሚመጥን ከፍታ። ማንም አልጠረጠረም።

የተያዘው ድምሩ ለብቻው ሲታተም ነው። ያኔም የተሞከረው መድኃኒት መጥፎ ነበር፦ ወሰኖቹን በmin እና max ማስተካከል። አሉታዊው ምልክት ጠፋ፣ ስህተቱ ግን አልጠፋም፤ የሚናገረውን አፍ ማፈን ብቻ ሆነ።

ፋይሉ የሚጀምረው ከሰሜን ነው። ረድፍ 0 ላይ ያለው 12 ዲግሪ ነው፣ 11 አይደለም። በተገለበጠው ቀመር 11.10 እስከ 11.16 የተባለው በእውነት ከ11.84 እስከ 11.90 ያለው መሬት ነበር፣ ወልዲያ አጠገብ። ዓምዱ ያው ስለሆነ ደሴን ስንጠይቅ ከ2,664 ረድፍ ማዶ በዚያው ኬንትሮስ ላይ ያለ ተራራ ሲመልስ ሰነበተ። ትክክለኛው፦

```python
row = round((12 - lat) * 3600)
col = round((lon - 39) * 3600)
```

በዚህ ደሴ ከረድፍ 3024 እስከ 3240፣ ከዓምድ 2160 እስከ 2376 ትሆናለች። ኮምቦልቻ (11.06–11.11፣ 39.70–39.77) ከረድፍ 3204 እስከ 3384፣ ከዓምድ 2520 እስከ 2772። int() ሳይሆን round() የሆነው 11.16ን የመሰለ አስርዮሽ በኮምፒውተር ውስጥ በትክክል ስለማይቀመጥ ነው፤ ብዜቱ 3023.999 ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ int() ደግሞ አንድ ረድፍ ይበላል።

ሁለቱ ከተሞች ለዚህ ፈተና የተመቹ ናቸው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። የደሴው ሬክታንግል ከኮምቦልቻው በመቶዎች ሜትር ከፍ ብሎ ካልወጣ ካርታው ተገልብጧል ወይም ረድፍና ዓምድ ተቀያይሯል። የኮምቦልቻው አማካይ ከከተማዋ ከፍታ ቢለይ ግን ስህተት አይደለም፤ ሬክታንግሉ በዙሪያዋ ያለውን ተዳፋትም ይወስዳል። የደሴውም ከጦሳ ተራራ ጎን ይይዛል።

ከዚህ በኋላ በq መግቢያ ላይ r1 < r2 እና c1 < c2 መሆኑን የሚያይ assert ገባ። ከተገለበጠ ይቁም፤ አያስተካክል።

ሳምንት 6፦ የሞላው int32 እና ጉድጓዶቹ

ሌላ ላፕቶፕ ላይ፣ ዊንዶውስ ከአሮጌ ነምፓይ ጋር፣ dtype ሳይጻፍ ሲሠራ ሠንጠረዡ ውስጥ አሉታዊ ቁጥሮች ታዩ። ከነምፓይ 2.0 በፊት ዊንዶውስ ላይ የሙሉ ቁጥር ልማዱ 32 ቢት ነበር፤ ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። አማካዩ 2,000 ሜትር ከሆነ 298 ሙሉ ረድፍ ሲደመር ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዞሮ ከታች ይጀምራል።

እዚህ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ሠንጠረዡ በግልጽ የተበላሸ ሆኖ ሳለ የኮምቦልቻ ድምር ልክ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የሞላው ቁጥር የሚስተው በ2 ርቢ 32 ብዜት ብቻ ነው፤ ድምርና ቅነሳውም በዚያው ዙር ስለሚሠራ፣ የመጨረሻው መልስ እውነተኛው ዋጋ ከጣሪያው በታች እስከሆነ ድረስ ተመልሶ ይገጥማል። የኮምቦልቻ ድምር 84 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ ይገባል። ከአንድ ሚሊዮን ሕዋስ ገደማ የሚያልፍ ሬክታንግል ሲጠየቅ ግን ይወድቃል። ትንንሽ ፈተናዎች ሁሉ ያልፋሉ፣ ትልቁ ብቻ ይሰበራል። በዚህ ዕድል መጠቀም አይመከርም (በC++ ምልክት ያለው int ሲሞላ ውጤቱ በቋንቋው ደንብ ዋስትና የለውም)፤ int64 ይጻፍና ይለፍ።

float32 ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እሱ አይዞርም፣ ያጠጋጋል እንጂ። ድምሩ 25 ቢሊዮን አካባቢ ሲደርስ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት 2048 ነው። ታች ቀኝ ላይ አንድ ሕዋስ ሲጠየቅ ከፍታው ዜሮ ወይም 2048 ወይም የዚያ ብዜት ሆኖ ይወጣል። ትልልቅ ቁጥሮች ተቀናንሰው ትንሽ የሚቀርበት ሥራ ለfloat32 አይሆንም።

የመጨረሻው ራዳሩ ያላየው ቦታ ነው። ገደላማ ስፍራ ላይ ልኬት ሲጠፋ ፋይሉ −32768 ይጽፋል። ከኮምቦልቻ 45,360 ሕዋሶች አንዱ ብቻ እንዲህ ቢሆን አማካዩ 0.76 ሜትር ይወርዳል፣ ማንም አያስተውለውም። አሥር ቢሆኑ 7.6 ሜትር። ባዶዎቹ የተሞሉበት እትም ቢኖርም ፋይሉ የትኛው እንደሆነ በስሙ አይለይም፣ ስለዚህ ሁለት ሠንጠረዥ ተሠራ፦

```python
ok = a != -32768
S = table(np.where(ok, a, 0))
N = table(ok)
mean = q(S, *box) / q(N, *box)
```

table ከላይ ያሉት ሁለት የP መስመሮች ናቸው፣ ፈንክሽን ሆነው። N በየሬክታንግሉ ውስጥ ስንት ደህና ሕዋስ እንዳለ ይቆጥራል፤ ማካፈያውም እሱ ነው እንጂ ስፋቱ አይደለም። ማስታወሻው እጥፍ ሆነ፣ 208 ሜጋባይት። N ግን ከ13 ሚሊዮን ስለማያልፍ በint32 ቢቀመጥ ያለ ስጋት ይበቃዋል፣ ወደ 156 ይወርዳል።

ሳምንት 7፦ ወደ ከሚሴ መቀጠል

ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ሬክታንግሉ ሲዘረጋ ፋይሉ 11 ዲግሪ ላይ ያልቃል፤ ከሚሴ N10E039.hgt ውስጥ ናት። ሁለቱ ፋይሎች የሚጋሩት አንድ ረድፍ አለ፦ የሰሜኑ የመጨረሻ ረድፍ የደቡቡ የመጀመሪያ ረድፍ ነው። 3601 እና 3601 ዝም ብሎ ሲቀጠል 7202 ረድፍ ይሆናል፣ ትክክለኛው ግን 7201 ነው።

ከተደገመው ረድፍ የሚመጣውን ስህተት check አያየውም፤ ፍርግርጉ ራሱ ስለተሳሳተ ሉፑም ሠንጠረዡም አብረው ይሳሳታሉ። ከ11 ዲግሪ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ረድፍ ይንሸራተታል፣ ድንበሩን የሚያቋርጥ 252 ዓምድ ስፋት ያለው ሬክታንግል ደግሞ 252 ሕዋስ ደግሞ ይቆጥራል። ስለዚህ ከመቀጠሉ በፊት a[3600] እና b[0] እኩል መሆናቸው ይታያል፣ ከዚያ b[1:] ብቻ ይቀጠላል። የደቡቡ ፋይል ረድፍ 0 ከሰሜኑ ረድፍ 3600 ጋር ካልገጠመ አንደኛው ባዶው የተሞላ፣ ሌላኛው ያልተሞላ እትም ሳይሆን አይቀርም፤ ከአንድ ቦታ እንደገና ማውረድ ይሻላል።

የተቀጠለው ሠንጠረዥ 7202 በ3602 ሆነ፣ ለS ብቻ 208 ሜጋባይት። ከረድፍ 3590 እስከ 3610 ያለው፣ ድንበሩን የሚያቋርጠው ሬክታንግል በሉፕና በሠንጠረዥ ተሰልቶ ገጥሟል።